ቅጹ ላይ የጻፍኩት ግስ

ሆስፒታሉ ውስጥ በሩ የሚቆለፍ ክፍል እንዳይኖር የተከራከርኩት እኔ ነበርኩ። ተሸነፍኩ፤ ቁልፉ የተሰጠው ግን ለእኔ ነው። ብዙ ስለምናገር ኃላፊነቱን ብወስድ ዝም እላለሁ ብለው አስበው ይመስለኛል። አልተሳሳቱም።

ወደ ሙያው የገባሁት ዘግይቼ ነው። ዳንግላ ውስጥ ለዓመታት አማርኛ ሳስተምር ቆይቼ፣ ሠላሳዎቹን ካጋመስኩ በኋላ የአእምሮ ሕክምና ነርስነት ተምሬ እንጅባራ ተመደብኩ። ዕድሜዬ የጎልማሳ፣ ልምዴ የጀማሪ ነበር። ስለ ነጻነት ያነበብኩትን ለሥራ ባልደረቦቼ ሻይ ቤት ውስጥ እሰብካለሁ፤ በሽተኛን ማሰር የሰነፍ ሐኪም ሕክምና ነው እላለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ ሻዩን ሳይጨርስ ይነሳል።

በዚያን ጊዜ ሰውን ያለፈቃዱ ስለማስተኛት የሚደነግግ ራሱን የቻለ የአእምሮ ጤና ሕግ አገሪቱ አልነበራትም። ሆስፒታላችን ግን የራሱ መመሪያና ሁለት ገጽ ቅጽ ነበረው። የታማሚውን ካርድ በእንግሊዝኛ እንጽፋለን፤ ይህ ቅጽ ቤተሰብም ስለሚፈርምበት በአማርኛ ነበር። አንድ ሰው ተገዶ እንዲተኛ፣ መጀመሪያ በእርግጥ መታመም አለበት። በራሱ ወይም በሌላ ሰው ላይ ከባድና ቅርብ አደጋ መኖር አለበት፤ ወይም ካልታከመ ክፉኛ የሚባባስ መሆን አለበት። ስለ ሕክምናው ማመዛዘንና መወሰን ያልቻለ መሆን አለበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከመቆለፍ የቀለለ መንገድ መጥፋት አለበት፤ ቤቱ ሆኖ መድኃኒት መውሰድ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እየሄደች እንድታየው ማድረግ፣ በፈቃዱ እንዲተኛ መለመን። አንዱ ከጎደለ አይገደድም። ያየኸውን ከሰማኸው ለይተህ ትጽፋለህ፤ የታማሚውን ቃል እንዳለ በትእምርተ ጥቅስ ታስቀምጣለህ፤ ሁለተኛ ባለሙያ ለብቻው መርምሮ ይፈርማል፤ ለምን እንደተያዘ ለታማሚው በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል። ውሳኔው በሰባ ሁለት ሰዓት ውስጥ እንደገና ይታያል፤ ምክንያቱ ቀድሞ ከጠፋ ግን በዚያው ሰዓት ይለቀቃል። ይህን ለተማሪዎች በቃሌ አስተምር ነበር።

ሰውየውን ያመጡት አንድ ረፋድ ላይ ከአዲስ ቅዳም ከተማ ወገን ነው። እጁ በገመድ ታስሯል። ታላቅ ወንድሙና ሁለት ጎረቤቶቹ ከበውታል። መጀመሪያ ያደረግኩት ገመዱን ማስፈታት ነበር። ወንድምየው ፈራ፤ እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ «እዚህ ሰው አይታሰርም» አልኩ። ያን ቀን በራሴ እንዴት እንደኮራሁ ዛሬም ትዝ ይለኛል።

ታሞ ነበር፣ ይህን ማንም አይክደውም። መድኃኒቱን ካቆመ ሁለት ወር ሆኖታል። ብቻውን ያወራል፣ ጎረቤት ምንጩ ውስጥ መርዝ ጨምሯል ይላል፣ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። አዊኛ ነው የሚናገረው፤ አማርኛው ትንሽ ነው፣ ሲጨነቅ ደግሞ እሱም ይጠፋዋል። እኔ አዊኛ አልችልም። በአዊ ዞን ውስጥ ያን ያህል ዓመት ኖሬ፣ ከገበያ ሰላምታ ያለፈ አልተማርኩም። አስተርጓሚ ያደረግኩት ወንድሙን ነው፤ ማለትም ከሳሹን።

«ምንድን ነው የሚለው?» አልኩት።

«ይቃጠላል ነው ዶክተር። ሌት ተቀን ይቃጠላል፣ አመድ ይሆናል፣ ልቀቁኝ። ቤቱን ሊያነደው ነው መሰለኝ።»

«ሰው መትቷል?»

«እኔን በአካፋ አሳዶኛል። ሮጬ ነው የተረፍኩ።»

«ሚስቱስ የት ናት?»

«እሷማ ቀረች። ምን ታድርግ።»

ፈርታ ቀረች ማለቱ ነው ብዬ ወሰድኩት። ቅጹ ላይ «ቤት አቃጥላለሁ እያለ ይዝታል፤ ሚስቱ ፈርታ ቀርታለች፤ ወንድሙን በአካፋ ሊመታ ሞክሯል» ብዬ ጻፍኩ። ትእምርተ ጥቅስ አልተጠቀምኩም። ለዓመታት በሰው ደብተር ላይ ተደራጊውን ከአድራጊው ለዩ እያልኩ በቀይ የጻፍኩ ሰው፣ «ይቃጠላል»ን ወስጄ «አቃጥላለሁ» አደረግኩት። ሌላ አማራጭ ስለመታየቱ በሚጠይቀው መስመር ላይ «የለም» ብዬ ሞላሁ። ማንንም አልጠየቅኩም። ሁለተኛው ባለሙያ አንድ ወጣት ሐኪም ነበር፤ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ቆሞ «አንተ ይቆለፍ ካልክ እውነትም ብሶበታል ማለት ነው» ብሎ ሳቀና ሰውየውን ሳያየው ፈረመ። በመቆለፍ አለማመኔ ራሱ ማስረጃ ሆነ። ወንድምየው አውራ ጣቱን አተመ። ሰውየው ክፍሉን ሲያይ መታገል ጀመረ፤ አራት ሆነን ይዘን መርፌ ወጋነውና በሩ ተቆለፈ። ወንድሙና ጎረቤቶቹ ሊያስታምሙት እዚያው ቀሩ።

በማግስቱ ጠዋት የክፍሉን ወለል የምታጸዳው ሴት መጣች። ከሁላችንም በዕድሜ ትበልጣለች፤ ከባንጃ ገጠር ናት፣ አዊኛዋ የእናቷ ነው። እጄን ያዝ አድርጋ ወደ ኮሪደሩ አወጣችኝ።

«ልጄ፣ ያ ሰውዬ ለምንድን ነው የተዘጋበት?»

«ቤት አቃጥላለሁ ብሎ ነው እትዬ።»

«አላለም። ይቃጠልብኛል ነው የሚል። ከሰል ነው።»

«የምን ከሰል?»

«የዲከረንስ ዛፉን ቆርጦ፣ ከምሮ፣ አፈር አልብሶ ለኩሶታል። ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። አፈሩ የተሰነጠቀ እንደሁ አየር ገብቶ አመድ ይሆናል። ወንድምየው የክምሩን ጎን ቢነካካበት ነው በአካፋ ያባረረው። እኔም ብሆን አባርረው ነበር።»

«ሚስቱስ?»

«ክምሩን እየጠበቀች ነዋ። ማን አለ ሌላ?»

እንደ አካባቢው ሰው ሁሉ በመንገዱ ግራና ቀኝ የቆመውን ዲከረንስ፣ የሚጨሰውን ክምር፣ መኪና ላይ የተደረደረውን ጆንያ በየቀኑ አያለሁ። አራት አምስት ዓመት የበቀለ ዛፍ በአንድ ሳምንት ከሰል እንደሚሆን፣ ያን ሳምንት ሰውየው እንደማይተኛ አውቃለሁ። አለመተኛቱንም የበሽታ ምልክት ብዬ ጽፌዋለሁ፤ ግማሹ የሥራው ነበር። ከአማርኛ ቅጥያዎች ውስጥ ደግሞ ያቺን «ብኛል» የምትለዋን የሚያህል አቤቱታ የለም፤ እሷ ነበረች ከወንድሙ ትርጉም የጠፋችው፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ማድረግ የነበረብኝ ግልጽ ነው። ሴትዮዋን አስተርጓሚ አድርጌ ሰውየውን እንደገና መጠየቅ፣ ምክንያቱ ከወደቀ መልቀቅ፣ መድኃኒቱን ለሚስቱ መስጠት፣ በየሁለት ቀኑ የምታየው ሠራተኛ መፈለግ። ግማሽ ቀን አይፈጅም።

እኔ ግን «እትዬ፣ ቅጹ ተሞልቷል፤ ነገ ከነገ ወዲያ ይታያል» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ቅጹን ማን ነው የሞላው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ ምን ቸገረህ?» ብላ ባልዲዋን አንስታ ሄደች።

የቸገረኝን ነገር ዛሬ መናገር እችላለሁ። ቅጹን ባነሳው ያ ወጣት ሐኪም ሳያይ መፈረሙ ሊወጣ ነው፤ ሻይ ቤት ውስጥ የሰበክኩት ሁሉ ተመልሶ ሊመጣብኝ ነው። ስለዚህ ሰባ ሁለቱን ሰዓት የመጨረሻው ገደብ መሆኑ ቀርቶ ቀጠሮ አደረግኩት። መመሪያውን ጠበቅኩ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ሰው ሲሳሳት ያፍራል፤ እኔ ስህተቴን ካወቅኩ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ይዤ ምሳዬን በልቻለሁ።

ከተቆለፈበት ሦስት ቀን ሲሞላው ሚስቱ መጣች። ነጠላዋ ጭስ ጭስ ይላል፣ እጇ እስከ ክንዷ ጠቁሯል። አልጮኸችም። «ጎኑ ተናደብኝ። አፈር ባለብስ ባለብስ እምቢ አለኝ» አለች። በአማርኛ ነው ያለችው፣ እኔ እንድሰማ። ከዚያ ወደ ባሏ ዞራ በአዊኛ ነገረችው። ሰውየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሰማትና ተመልሶ ተኛ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጥ አለ።

የዚያን ቀን ግምገማ ጻፍኩ። «በሕክምናው መሻሻል አሳይቷል፤ ዛቻው ቀርቷል፤ ተረጋግቷል፤ ወደ ቤቱ ይሂድ።» ከዚህ የባሰ ውሸት ጽፌ አላውቅም። የተረጋጋው ከሰሉ አመድ ሆኖ ከእሳት የሚያድነው ነገር ስላልቀረው ነው። ወረቀቱ ላይ ግን መቆለፉ እንደጠቀመው ተነበበ፤ ኃላፊው በስብሰባ ላይ ለጀማሪዎች በምሳሌነት አነሳው። አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። አንገቴን ነቀነቅኩ።

ከአንድ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ሰውየው እንደገና መጣ። በዚህ ጊዜ ማንም አልጎተተውም፤ ከሚስቱ ጋር በሚኒባስ ነው የመጣው። ድምፅ መስማት ጀምሯል፣ እንቅልፍ የለውም፣ ግን መልስ ይሰጣል። የተረከበችው አዲስ የተመደበች ነርስ ነበረች፤ ጎበዝ ልጅ ናት፣ ካርዱን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ አንብባለች።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቤት ሊያቃጥል የነበረ ነው። ቁልፍ ክፍሉን ላዘጋጅ?» አለችኝ። ያልተሞላ ባለ ሁለት ገጽ ቅጽ እጇ ላይ ነው። አደጋ በሚለው መስመር ላይ የእኔን ቃል እየገለበጠች ነበር።

ያኔም ዝም ለማለት አስቤአለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ዝም ላለማለቴ ምክንያቱ ሰውየው በሩ ላይ ቆሞ እያየኝ መሆኑ ብቻ ነው።

«አታዘጋጂ። እሱን አላለም» አልኳት። «እኔ ነኝ ያልኩለት።»

የድሮውን ቅጽ አወጣሁ። መዝገብ አይፋቅም፤ የተሳሳተው እንዲነበብ ሆኖ በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ትክክሉ ይጻፋል፣ የታረመበት ቀንና ፊርማ ይቀመጣል። ሰረዝኩ። «ታማሚው ያለው "ይቃጠልብኛል" ነው፤ ስለ ከሰሉ ነበር። አማራጭ አልተጠየቀም። ይህን በማግስቱ አውቄ አላረምኩም» ብዬ ጻፍኩ። የግምገማውንም ሰረዝኩ። ልጅቱ እያየች ፊቷ ቀላ፤ ለእኔ ያፈረችልኝ ይመስለኛል።

ከዚያ የጽዳት ሠራተኛዋን አስጠራሁና ሰውየውን ጠየቅነው። መተኛት ይፈልጋል ወይስ ቤቱ ሆኖ መድኃኒት ይውሰድ? ለረጅም ጊዜ ተናገረ። እሷ እየሰማች ከንፈሯን መጠጠች።

«በሩ ካልተቆለፈ ዛሬም እተኛለሁ ይላል» አለችኝ። «ያን ጊዜም ብያለሁ ይላል።»

«ምን ብሎ?»

ሰውየው ራሱ መለሰ፤ በዝግታ፣ በአማርኛ። «መድኃኒቱን ስጡኝ፣ ከሰሉን ሳወጣ በእግሬ እመጣለሁ ብዬ ነበር። ለወንድሜ ነው የነገርኩ። አልነገራችሁም?»

አልነገረንም ልለው አፌን ከፈትኩ። ግን ወንድሙን አስተርጓሚ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ መስመሩ ላይ «የለም» ብዬ የሞላሁትም እኔ ነኝ።

«አልጠየቅኩም» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ሚስቱ ጥቅሏን ከትከሻዋ አወረደች። ልጅቱ አዲስ ቅጽ አመጣች፤ በፈቃድ ለሚተኙ የሚሞላውን፣ አንድ ገጽ ብቻ የሆነውን። በእሱ ቃል፣ በትእምርተ ጥቅስ ሞላችው። እኔ እንድፈርምበት አልጠየቀችኝም።