በሩ የዞረ ቤት

የቀበሌ የቤት ጉዳይ ጸሐፊ የሆንኩት በድንጋጤ ነው። ደሴ፣ በደርግ ጊዜ፣ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ከኋላ ተቀምጬ እያንቀላፋሁ ሳለ ሊቀመንበሩ «ጽሕፈቱ የሚነበብ ማነው?» አለ። ጎረቤቴ በክርኑ ጎሸም ሲያደርገኝ ደንግጬ ብድግ አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ያኔ ሥልጣን እንደዚህ ነበር የሚገኘው፤ ቀድሞ የደነገጠ ይሾማል።

ትርፍ ቤት ሁሉ በአዋጅ ተወርሷል። ኪራዩ አነስ ያለው ቤት የቀበሌ ሆነ፤ አከራዩ ቀበሌው ነው ማለት ነው። በኪራይ በኩል ደግሞ ቀበሌው ማለት እኔ ነኝ። ማታ ማታ ከሁለት ወንድሞቼ ጋር በአንድ ፍራሽ እየተኛሁ፣ ቀን ቀን ከሰኞ ገበያ በላይ ያለው ሰፈር አከራይ ሆኜ እውላለሁ።

አንድ ቀን ሊቀመንበሩ ጠራኝ።

«ጓድ ጸሐፊ፣ እኚያ በርበሬ ሻጯ ሴትዮ ከክረምት ወዲህ ኪራይ ከፍለዋል?»

መዝገቡን አገላበጥኩ። «አልከፈሉም።»

«እንግዲያው ማስጠንቀቂያ ጻፍና ይውጡ!»

የቸኮለበትን ምክንያት ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። የሚስቱ ወንድም ከኩታበር መጥቶ ሳሎኑ ውስጥ ተኝቷል። ሲያንኮራፋ አላፊ አግዳሚው ይሰማል። ሊቀመንበሩ ዓይኑ ከቀን ወደ ቀን እየቀላ ሄዶ ነበር፤ እኛ ለአብዮቱ ሲል የሚያመሽ ይመስለን ነበር። ሴትዮዋ ደግሞ ባሏ የሞተባት ናት፤ ከዚያች ክፍል በቀር መግቢያ የላትም።

ማስጠንቀቂያውን ባማረ ጽሕፈት ጻፍኩና ቀጥታ ወደ ሥጋ ቤት ሄድኩ። ሥጋ ቤት የሄድኩት ለክትፎ አይደለም። የቀበሌያችን የፍርድ ሸንጎ ሰብሳቢ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ሥጋ ሻጭ ነበሩ። ባለፈው ጊዜ ሊቀመንበሩ አንድ ተከራይ ይውጣልኝ ብሎ ከስሶ፣ ሰውየው ከኪሱ ደረሰኙን መዥረጥ አድርጎ አውጥቶ ቀበሌውን መሳቂያ አድርጎታል። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ወረቀቱን አስቀድመው ሳያዩ ወንበር ላይ አይቀመጡም።

ወረቀቱን በቢላዋ ጫፍ ጎተት አድርገው አነበቡ።

«ይሄ ስም የማን ነው?»

«የተከራዩ። ውሉ ላይ ያለው።»

«እሱማ ሞቷል! እኔው ነኝ የቀበርኩት። መቃብሩ ላይ ልትለጥፈው ነው?»

ደንበኞቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ።

«ስማኝ ልጄ» አሉ፣ ጎድኑን እየመቱ። «ጥሬ ሥጋ እሸጣለሁ፤ ጥሬ ክስ ግን አልበላም። መጀመሪያ ቤቱ ውስጥ ያለው ማነው? ሚስቲቱ ከሆነች በሷ ስም መቀጠሉን መዝገብህ ያሳይ። ኪራዩ አዋጁ ከቀነሰው በኋላ ስንት ነው? በድሮው ጠይቀህ እንዳይሆን። ያልተከፈለው የትኛው ወር፣ የትኛው ወር ነው? ለይተህ ጻፍ። የደረሰኝ ቀሪህን እይ። ከዚያ ሂድና ራሷን ጠይቃት፤ ከፍያለሁ ካለች ደረሰኟን ታሳይህ። ቤቱን አሳድሳ በኪራይ ይታሰብልሻል ተብላ እንደሆነም ጠይቅ። ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ማስጠንቀቂያ። እሱም በጽሑፍ፣ በሁለት ቅጂ፣ መክፈያ ቀን ተሰጥቶ፣ በእጇ ደርሶ ፈርማ። እምቢ ካለች ምስክር ይፈርማል። ያኔም አልከፍልም ካለች ወደኔ አምጣት። ገባህ?»

«ገባኝ ጋሼ።»

«አልገባህም። ፊትህ ያስታውቃል። ግማሽ ኪሎ ልመዝንልህ?»

ውሉን አገኘሁ፤ ሚስቲቱ ባሏ ከሞተ በኋላ በስሟ ስትከፍል እንደቆየች ቀሪው ያሳያል። የመጨረሻው ደረሰኝ ከክረምቱ በፊት ነው። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነኝ። የቀረው ሴትዮዋን መጠየቅ ነው።

ቤቷ ሄጄ የእንጨት በሩን አንኳኳሁ። የቀበሌያችን ቁጥር በነጭ ቀለም በትልቁ ተጽፎበታል፤ መሳሳት የለም። ማንም አልከፈተም። «ተንኳኩቶ የከፈተ የለም» ብዬ ጻፍኩ። በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ሄድኩ። ያው። ይሄንንም ጻፍኩ። በሦስተኛው ምስክር ይዤ ሄድኩ፤ አንድ ልብስ ሰፊና አንድ ጡረተኛ። በሩን በጡጫዬ ደበደብኩት። ከውስጥ የሰው ድምፅ ተሰማን። አንድ ወንድ እያዜመ ነገር ያነባል። ባንኳኳሁ ቁጥር ድምፁን ከፍ ያደርጋል።

«ውስጥ ሰው አለ» አለ ልብስ ሰፊው።

«እየሰሙ ነው የማይከፍቱት» አለ ጡረተኛው።

«ተከራይዋ ውስጥ እያሉ በዜማ ለመክፈት እምቢ ብለዋል» ብዬ ጻፍኩና ሁለቱን አስፈረምኩ። ሊቀመንበሩ ሲያነበው የቀላው ዓይኑ በራ። ለኩታበሩ አማቹ አልጋ ሊያፈላልግ ሁሉ ጀመረ።

ጋሼ ግን ሥጋ እየሰቀሉ «ፊቷን አይተሃል?» አሉኝ።

«አላየሁም፣ ግን ሦስት ጊዜ...»

«ሠላሳ ጊዜስ ቢሆን! ሳንቃ ነው ያናገርከው። ሴትዮዋ በርበሬ ትሸጣለች፣ ገበያ ሂድና አናግራት። ቤቷ ጠፋህ እንጂ ገበያው ጠፋህ?»

እውነትም አልታሰበኝም ነበር። ሰኞ ገበያ ወርጄ ከበርበሬው ክምር ኋላ አገኘኋት። ባለሥልጣን መስዬ ጉሮሮዬን ስጠርግ በርበሬው ገባብኝና አነጠስኩ። እያነጠስኩ ነው ያናገርኳት።

«እትዬ፣ ከቀበሌ... ሃጢሽ... የቤት ኪራይ... ሃጢሽ!»

«ይማርህ ልጄ። ኪራይ ምን ሆነ?»

«አልከፈሉም... ሃጢሽ!»

«ወላሂ ከፍያለሁ! በየወሩ። ና ቤት ላሳይህ፤ እዚህ ሆነህስ ትሞትብኛለህ።»

ተከተልኳት። ወደማውቀው በር የምትሄድ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ሰፈሩን ዞራ፣ የሁለቱ ቀበሌዎች ወሰን የሆነውን ቦይ በድንጋይ ተሻግራ ከጎረቤት ቀበሌ በኩል ወጣች። ቤቷን በጀርባው አገኘነው። አዲስ የብረት በር፣ ሰማያዊ ቀለም፣ ላዩ ላይ የጎረቤት ቀበሌ ቁጥር።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«በር ነዋ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። በክረምቱ በቦዩ በኩል ያለው ግድግዳ ወደቀባት። ቀበሌ ሄዳ ነገረች፤ ከኔ በፊት የነበረው ጸሐፊ «ራስሽ አድሺው፣ በኋላ ይታሰብልሻል» አላት። በአፉ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራው ልጇ የብረት በር አሠርቶ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጭኖ ላከላት። በሩ ግን ሰፊ ሆኖ በፊቱ በኩል አልገባ አለ፤ ላስገባው ካሉ ጣሪያውን የያዘውን ምሰሶ መቁረጥ ነው። እንግዲያው ወደ ወደቀው ግድግዳ አዞሩትና እዚያው ተከሉት። የድሮውን በር በሚስማር ቸነከሩና ቁምሳጥን አስጠጉበት። ወዲያው የጎረቤት ቀበሌ ልጆች ቀለም ይዘው በቦዩ በኩል ያለውን በር ሁሉ ሲቆጥሩ እሷንም ቆጠሯት። በወሩ ኪራይ ሰብሳቢ መጣ።

«መንግሥት መጣ፣ ከፈልኩ» አለችኝ። «የትኛው መንግሥት ነህ ብዬ ልጠይቀው?»

የቆርቆሮ ጣሳ ከፍታ ደረሰኞቹን ዘረገፈችልኝ። አንድም ወር አልጎደለም፤ ማኅተሙ ግን የጎረቤት ነው።

«ታዲያ እኔ ስመጣ ለምን አልከፈቱልኝም? ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ እኮ!» አልኩ ቁምሳጥኑን እያሳየሁ።

ሴትዮዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ያ አላህ! ከቁምሳጥኔ ውስጥ የሚያንኳኳው አንተ ነህ? ጅን ነው ብዬ ሼኹን ጠርቼ ቁርአን አስቀራሁብህ እኮ! እሳቸውም ‹ወር እየቆጠረ የሚመጣ ጅን አይቼ አላውቅም፣ ይሄስ ግትር ነው› አሉ። ለሳቸው ያወጣሁት ከኪራዩ ይበልጣል!»

ከዚያ በፊት ብዙ ነገር ተብያለሁ፤ ጅን ስባል የመጀመሪያዬ ነው።

ሊቀመንበሩ ግን አልተሸነፈም። «ለሌላ ከፈሉ እንጂ ለኛ አልከፈሉም!» ብሎ ሸንጎ ጎተታት። የጎረቤት ቀበሌ ሊቀመንበርም ተጠርቶ መጣ። ሴትዮዋ ጣሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች፤ ክዳኑን በሁለት እጇ ነበር የያዘችው። እኔ ያንን ክዳን ሳይ ነው ነገሩ ቀልድ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ። በዚያን ቀን ከተፈረደባት ማታ የምታድረው ከበርበሬዋ ጋር ነው።

«ቤቱ የኛ ነው!» አለ የኛ። «ውሉ እኛ ዘንድ ነው።»

«የኛ ነው!» አለ የጎረቤት። «በሩ ወደኛ ነው። ሰው የሚኖረው በበሩ በኩል ነው።»

ጋሼ ሁለቱንም አስጮኋቸው። ሲደክማቸው ጢማቸውን አሻሹና «ጥሩ» አሉ። «አከራይ ማለት ኪራይ የሚበላ ብቻ አይደለም፤ ጥገናም የሱ ነው። የሴትዮዋ ጣሪያ ያፈሳል። ቤቱ የኔ ነው የሚል ጣሪያውን ይሠራል፤ እሷ ያቆመችው ግድግዳም ይታሰብላታል። እሺ፣ ቤቱ የማን ነው?»

ሁለቱ ሊቀመንበሮች ተያዩ።

«እንግዲህ...» አለ የኛ ሊቀመንበር፣ «በሩ እንኳ ወደነሱ ነው።»

«ኧረ ውሉ ከናንተ ጋር አይደለም?» አለ የጎረቤት።

«ሰው የሚኖረው በበሩ በኩል ነው ብለሃል!»

«በር ይዞራል፣ ውል ይዞራል?»

ሴትዮዋ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ እያየች «ወገኖቼ» አለች፣ «ማንም ካልፈለገኝ ለራሴ ልሁን።»

ፍርዱ ተነበበ። ውሉም መዝገቡም የኛ ስለሆነ ቤቱ የኛ ነው። ሴትዮዋ በቅን ልቦና ከፍላለች፤ አንድን ወር ሁለት ጊዜ አትከፍልም። የጎረቤት ቀበሌ የሰበሰበውን ለኛ ያስረክባል። ማስጠንቀቂያ የሚያሰጥ ዕዳ የለም። «በምስክር የተፈረመውም ማስረጃ» አሉ ጋሼ የኔን ወረቀት ከፍ አድርገው፣ «አንድ ጸሐፊ አንድ ቁምሳጥን ማንኳኳቱን በሚገባ ያስረዳል።» ሴትዮዋ የጣሳዋን ክዳን ለቀቀችው።

የኩታበሩ አማች እዚያው ሳሎን እያንኮራፋ ከረመ። ሊቀመንበሩ ቂሙን በኔ ተወጣ፤ ጣሪያውን ስትጠግን ዋል ብሎ መዶሻ ሰጠኝ። መዶሻ ጨብጬ አላውቅም፤ ከሚስማሩ ይልቅ አውራ ጣቴን ነበር የምመታው። ሴትዮዋ ከታች ሆና «አብሽር ጅኔ! ብትወድቅም አልጋዬ ላይ ነው!» ትለኛለች።

ሁለቱም ቁጥሮች በየበራቸው ላይ ቀሩ፤ የሚያጠፋ ቀለም አልተገኘም። በሁለቱም ቀበሌ ለስብሰባ ትጠራለች፤ ለአንዱ ከዚያኛው ነኝ ትላለች፣ ለዚያኛው ከዚህኛው። በደርግ ዘመን ስብሰባ ሳትቀመጥ የኖረች ሴት እሷን ብቻ ነው የማውቀው።

እኔም በየወሩ መጨረሻ ቦዩን ተሻግሬ፣ በትክክለኛው በር አንኳኳለሁ።

«ሰው ነህ ጅን?» ትላለች ከውስጥ።

«ኪራይ ነኝ።»

«እሱ ከሁለቱም ይብሳል» ብላ ትከፍትልኛለች።