አርባ ነጥብ የጎደለኝ ሥራ

እዚህ እስራኤል፣ ናታንያ ከተማ፣ አንድ አሙታ፣ ማለት የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ለእኛ ሽማግሎች ኩፓት ሆሊም፣ ክሊኒኩ፣ ሄዶ የሚያስተረጉም ሰው እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። ዲግሪ አርባ ነጥብ፣ የአስተርጓሚ ኮርስ ሃያ፣ ልምድ በዓመት አምስት፣ ቢበዛ አርባ። ለቃለ መጠይቅ የሚጠራው ስልሳ የሞላለት ነው። አማርኛ የግድ ነው፣ ነጥብ ግን የለውም።

"ይሄ እኮ ለእኔ የወጣ ነው!" አልኳት ባለቤቴን። እስክሪብቶ ይዛ ታርመኝ ጀመር።

"ዲግሪ?"

"የለም።"

"ኮርስ?"

"ሃያ!"

"ልምድ?"

"አሥራ ሁለት ዓመት! የሰፈሩን በሽታ ሁሉ በዕብራይስጥ የማውቀው እኔ አይደለሁ?"

"አሠሪ የፈረመበት ኢሹር፣ የማረጋገጫ ወረቀት፣ አለህ?"

በነፃ ስሠራ ማን ይፈርምልኛል?

"እንግዲህ ሃያ ነህ፣ አንተ ሰውዬ።"

ደረቅ ነኝና ማመልከቻውን ላክሁት። በሁለተኛው ሳምንት ከአሙታው አንዲት ሴት ደወለች። ልቤ ዘለለ።

"አዶኒ፣ ጌታዬ፣ ሃያ ነጥብ ነው ያለህ፤ አላለፍክም። ግን ያለፉትን በአማርኛ የሚፈትንልን ሰው አጣን። ማክሰኞ ትመጣልን?"

"ኢሹር ትጽፉልኛላችሁ?"

"እንጽፋለን። ግን ልምድ የሚቆጠረው ዓመት ሲሞላ ነው፤ ፈተናው የሚፈጀው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው።"

ማክሰኞ ሸሚዜን ተኩሼ፣ በነፃ ሄድኩላቸው።