የሰኞ ማካካሻ

አርብ ገበያ ለጎልማሶች ፊደል ባስተማርኩበት ዘመን እንደ ትምህርት ተቆጣጣሪው የምፈራው ሰው አልነበረም። ጃንሆይን እንኳ እንደሳቸው አልፈራም ነበር፤ ጃንሆይ ሩቅ ናቸው።

ትምህርቱ በየሳምንቱ አርብ፣ በገበያው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ነው። የተመዘገቡት ይመጣሉ፤ ገብሱን የሸጠ ገበሬም አህያውን አስሮ ጎራ ይላል። መዝገቡ ግን ያው አንድ ነው። የተመዘገቡትን በቀለም፣ ጎራ ባዮቹን ከግርጌ በእርሳስ እጽፋለሁ። የቀረ ሰው በዚያ አርብ ሳጥን ውስጥ ኤክስ ይገባለታል። ሰኞ መጥቶ ካካካሰ፣ መዝገቡ የሰኞ ቦታ ስለሌለው ያንኑ ኤክስ በክብ እከብበዋለሁ። ለእኔ ግልጥ ነበር።

ከተመዘገቡት አንዷ፣ የአንድ ጨው ነጋዴ እህት፣ ኤክሶቿ ብዙ ነበሩ። ወንድሟ ለጁምዓ ሶላት ሲሄድ ሱቁን የምትይዘው እሷ ናት፤ አክስቷ ከደረሰችላት ብቻ ሮጣ ትመጣለች። ያመለጣትን ሁሉ ሰኞ እየመጣች ተምራለች። ተፈትና የምስክር ወረቀቱን ካላገኘች ወንድሟ ዳግም እንደማይለቃት ነግራኛለች።

አንድ አርብ ተቆጣጣሪው ከበቅሏቸው ወርደው ዘው አሉ። ክው ብዬ ቀረሁ። መዝገቡን አገላብጠው በስሟ ትይዩ ያሉት ክቦች ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«መቅረቷን ጽፈህ መልሰህ አነሳህላት?»

«ኧረ አይደለም ጌታዬ! ሰኞ... ማካካሻ...» አልኩ።

«ሰኞ የሚባል እዚህ የታለ? ከሚፈቀደው በላይ ቀርታለች። ትሰረዝ!»

ልጅቱ በዕለቱ አክስቷ ደርሳላት ከፊት ተቀምጣለች። ፊቷ አመድ መሰለ። እኔም እንጀራዬ ሲቆረጥ ታየኝ፤ ግን እኔ ሌላ ቦታ እቀጠር ይሆናል፣ እሷ ወዴት ትሄዳለች?

ተቆጣጣሪው መሰረዟን ማወቋን በጣቷ አሻራ ታረጋግጥ ብለው ወረቀትና ቀለም አቀረቡላት። ቀለሙን ገፋ አድርጋ የሳቸውን ብዕር አነሳች። አበስኩ ገበርኩ! ዛሬስ በከዘራቸው አሏት ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ጽፋ ጨርሳለች።

«ሰኞ ሰኞ ተምሬአለሁ» ይላል፤ ከሥሩ ስሟ አለ። እስከዚያ ቀን ከሰሌዳ ከመገልበጥ በቀር ከራሷ አውጥታ ጽፋ አታውቅም።

ተቆጣጣሪው ደጋግመው አነበቡት። ሳል ሳል አሉና ወረቀቱን አጥፈው መዝገቡ ውስጥ ከተቱት።

«ፈተናው የፊታችን አርብ፣ በስድስት ሰዓት ነው። የምፈትነው እኔ ራሴ ነኝ። እንዳትቀሪ።»

ደስ ይላታል ስል ጭራሽ ባሰባት። «አርብ በስድስት ሰዓት!» አለች ወደኔ ዞራ። «ሱቁስ? አክስቴ ባትደርስልኝስ?»

ጨው ሸጬ አላውቅም፤ ወንድሟንም ሳየው መንገድ እቀይር ነበር።

«እኔ እይዝልሻለሁ» አልኳት።