የገረሱ ወንበር

ለተጊዮርጊስ አዲስ አበባ ወሰን በሚባለው ሰፈር የውሃ ፓምፕ እያስመጣ የሚሸጥ ድርጅት የሰው ሀብት ኃላፊ ናት። ኃላፊ ትባል እንጂ በክፍሉ ውስጥ ያለችው ብቻዋን ነው። ኮተቤ ያለው ቤቷም እንደዚያው ነው። እናቷ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ማታ ቤቷ ገብታ በሩን ከዘጋች በኋላ የምታናግረው ሰው የለም። በሃምሳ አራት ዓመቷ ረጅም ወሬ የምታወራው ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ነበር፤ ከድርጅቱ አካውንታንት ከገረሱ ጋር። ምሳቸውን አብረው ሲበሉ አሥራ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል።

ገረሱ ልጁ ወዳለችበት ወደ አዳማ ሊሄድ መልቀቂያውን ያስገባ ቀን ደብዳቤውን የተቀበለችው እሷ ናት። ማኅተም መታችበት፤ ቀኑን ጻፈችበት፤ ፋይል ውስጥ አስገባችው። ከዚያ ተነስታ መስኮቱን ዘጋች። መስኮቱን የሚያዘጋ ነገር ግን አልነበረም።

በነጋታው ሥራ አስኪያጁ ይድነቃቸው ጠራት። ድርጅቱን ከአባቱ የተረከበ ወጣት ነው።

«ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ፣ በገረሱ ቦታ ማስታወቂያ ያውጡልኝ። ዝርዝሩን እኔው አዘጋጅቻለሁ» አለና ወረቀት ሰጣት።

አሥራ ስድስት ነጥብ ነው። ዲግሪ፣ ማስተርስ ቢያንስ የጀመረ፣ አምስት ዓመት ልምድ፣ በአስመጪ ድርጅት የሠራ፣ ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር የሚችል፣ መንጃ ፈቃድ ያለው፣ ዕድሜው ከሠላሳ አምስት ያልበለጠ፣ እያለ ይቀጥላል። ሁሉም በአንድ ርዕስ ሥር ተደርድሯል፤ «ተፈላጊ ችሎታ»። ለተጊዮርጊስ የዕድሜውን ነጥብ ብቻ ሕግም ስለማይፈቅድ አስወጥታ ሌላውን እንዳለ አወጣችው። ለመከራከር ጉልበቱ አልነበራትም።

በሁለት ሳምንት ሁለት ሰው አመለከተ። አንደኛው የፋይናንስ ኃላፊ ደመወዝ የሚጠይቅ ነው፤ ሁለተኛው የባንክ ሂሳብ አስታርቆ አያውቅም። ስልኩ ግን ይጮሃል።

«ፒችትሪ አልሠራሁም፤ ሌላ ሶፍትዌር ነው የማውቀው። ላመልክት?»

«ማስታወቂያው ፒችትሪ ይላል።»

«እሺ፣ አመሰግናለሁ።»

እንዲህ ብለው የዘጉት ዘጠኝ ናቸው። ያልደወሉትን ማን ይቁጠራቸው? ዘጠነኛዋ ልጅ ስትዘጋ ለተጊዮርጊስ የስልኩን እጀታ አስቀመጠች። ወረቀቱን ይዛም ወደ ይድነቃቸው ገባች።

«ይሄ ዝርዝር የሚሠራውን ሰው ነው የሚያባርርብን። ገረሱ ራሱ ዛሬ ቢያመለክት በመጀመሪያው ማጣሪያ ይወድቅ ነበር።»

«ጥሩ ሰው እንዲመጣ ብዬ ነው እኮ።»

«ገባኝ። ግን የግድ የሚያስፈልገውንና ቢኖር ደስ የሚለንን አንድ ላይ ቀላቅለነዋል። እስቲ አንድ ሳምንት ስጠኝ።»

ሰጣት።

ለተጊዮርጊስ ከሁሉ አስቀድማ የጠየቀችው ሥራው ምን እንደሚፈልግ ነው እንጂ ሰውየው ማን እንደሚሆን አይደለም። የወንበሩ ሰው በወሩ ውስጥ ምን ምን እንደሚሠራ ከፋይሎቹ ቆጠረች፦ የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ፣ የወሩን ሂሳብ በአዲሱ ወር አምስተኛ ቀን መዝጋት፣ ቫትና ሌላውን ግብር በጊዜው ማሳወቅ፣ የደንበኞችንና የአቅራቢዎችን ሂሳብ መከታተል፣ የጥቃቅን ወጪ ካዝና መያዝ፣ ለውጭ ኦዲተር ሰነድ ማዘጋጀት። ይህ ዋናው ተግባር ሆነ። ከዚያ እያንዳንዱን ችሎታ «አንተ ለየትኛው ተግባር ነህ?» እያለች አፋጠጠችው። የአካውንቲንግ ዲግሪ፣ ሦስት ዓመት ልምድ፣ የግብር ሕግ እውቀትና ኤክሴል መልስ ነበራቸው። ሰውየው እነሱን ሳይዝ ቢመጣ ሥራው ከመጀመሪያው ወር ይቆማል። ፒችትሪ ግን በሁለት ሦስት ሳምንት ይለመዳል፤ በአስመጪ ድርጅት መሥራትም ጥሩ ነው፣ ባይኖር ግን ማንም አይሞትም። እነዚህን «ቢኖር የሚመረጥ» ብላ ለብቻ አስቀመጠች። መንጃ ፈቃዱ ለምንም ተግባር አልሆነም፤ ሰረዘችው።

ገረሱ የቀረውን የዓመት ፈቃድ ጀምሮ ስለነበር ረቂቁን ልታሳየው ቅዳሜ ወደ ቤቱ ወጣች። ቤቱ ከፈረንሳይ ሰፈር ሽቅብ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት የእንጦጦ ጥግ ነው። ግማሹ ዕቃ በካርቶን ታስሯል። አንድ በርሜል ላይ ተቀመጠችና ወረቀቱን ዘረጋችለት። ገረሱ መነጽሩን አድርጎ በጣቱ እየተከተለ አነበበ።

«ይሄን አውጪው» አለ።

«የትኛውን?»

«የጥቃቅን ወጪ ካዝና የሚለውን። እኔ የያዝኩት ሰው ስለጠፋ ነው። ካዝና የያዘ ሰው ሂሳቡን ራሱ ማስታረቅ የለበትም። እኔን አመናችሁኝ፤ ሁልጊዜ ግን እንደዚያ አይሆንም።»

አወጣችው። ገረሱ ማንበቡን ቀጠለና ገታ አለ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበላት፦

«‹ከሥራ ባልደረቦች ጋር የሚግባባ፣ የሰው ሐሳብ በትዕግሥት የሚያዳምጥ፣ ቀልድ የሚያውቅ።› ይሄንን የግድ ከሚያስፈልገው ሥር ነው ያደረግሽው።»

ለተጊዮርጊስ መቼ እንደጻፈችው ትዝ አላላትም።

«ለተ» አላት፣ «ይሄ እኮ የሥራ መደቡ አይደለም፤ እኔ ነኝ።»

ውጭ የእንጨት ተሸካሚ ሴቶች እየተነጋገሩ ቁልቁል ሲወርዱ ተሰማ።

«ወደሚመረጠው ላውርደው?» አለች በመጨረሻ።

«በምን ትለኪዋለሽ? ቀልድ በፈተና ታያለሽ? ሰረዝ አድርጊው። የሚመጣው ሰው በእኔ ልክ የተሰፋ ልብስ እንዲለብስ አታስገድጂው።»

እስክሪብቶ ከቦርሳዋ አወጣች። መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ሰረዘችው። ገረሱ እስከ ታክሲው ድረስ ሸኛት። በመንገድ ላይ ስለ አዳማ ሙቀት አወራ፤ እሷ «አዎ፣ ይሞቃል» ብቻ አለች።

አዲሱ ማስታወቂያ ሰኞ ወጣ። ሠላሳ አራት ሰው አመለከተ። ማጣሪያው የግድ በሚያስፈልገው ብቻ ሆነ፤ የሚመረጠው ነጥብ የታየው እኩል የወጡትን ለመለየት ነው። ለፈተና አንድ የባንክ ዝርዝርና የሂሳብ መዝገብ ተሰጣቸው፤ በሁለቱ መካከል የዘጠና ብር ልዩነት ሆን ተብሎ ገብቷል። ሩሃማ የምትባል የኮተቤ ልጅ ቀድማ ጨረሰች።

«ልዩነቱ ለዘጠኝ ሳይተርፍ ሲካፈል ቁጥር የተገላበጠ መሰለኝና ፈለግኩ» አለች። «አራት ሺህ ስድስት መቶ ሃምሳው አራት ሺህ አምስት መቶ ስልሳ ተብሎ ተመዝግቧል።»

ፒችትሪ አታውቅም ነበር። ለተጊዮርጊስ ድምፅዋን ለየችው፤ ዘጠነኛዋ ደዋይ ናት።

ሩሃማ በሦስተኛው ሳምንት ሶፍትዌሩን ለመደች፤ ወሩን በአምስተኛው ቀን ዘጋች። ካዝናው ወደ ሌላ ሰው ተዛወረ። ጨዋ ልጅ ናት፤ «እንደምን አደሩ» ትላለች፤ ምሳዋን የጆሮ ማዳመጫዋን አድርጋ ጠረጴዛዋ ላይ ትበላለች። ለተጊዮርጊስ አንድ ቀን ሳህኗን ይዛ እስከ በሩ ሄዳ ነበር። ልጅቷ ቀና ብላ «የሚፈልጉት ሰነድ አለ?» ስትላት «የለም፣ ቀጥይ» ብላ ተመለሰች። ልጅቷን አልተቀየመቻትም። የተጠየቀችውን ሁሉ ይዛ መጥታለችና።

የሙከራ ጊዜዋ ሲያልቅ ይድነቃቸው የቋሚ ቅጥር ደብዳቤውን እየፈረመ ደስ ብሎት ነበር።

«የሁሉንም መደብ እንደዚህ ይለዩልኝ» አለ። «የመጋዘኑንም፣ የሽያጩንም። የእርስዎንም ጭምር።»

ከሰዓት በኋላ ከራሷ ጀመረች። ዋና ተግባራቱን ሳትቸገር ጻፈች፤ ስምንት ወጡ። የግድ የሚያስፈልገውንም ጨረሰች። «ቢኖር የሚመረጥ» የሚለው ጋ ስትደርስ ግን ቆመች። የወሰን ጋራዦች የብረት ድምፅ በመስኮቱ ይገባል። ገረሱ ያሰረዛት መስመር ትዝ አላት፤ እሱ ግን አይለካም። በቦታው የሚለካውን «የአፋን ኦሮሞ ችሎታ» ብላ ጻፈችና ወደ መጋዘኑ ገጽ አለፈች።