በውክልና የመጣ ሙሽራ

ሙሽራው ለሥራ ሄዶ ሳዑዲ ነበር። እኛ ሰቆጣ፣ የጋብቻ መዝገብ ክፍል ውስጥ፣ አንድ አግዳሚ ላይ ተጣብበን ተቀምጠናል፤ እኔ፣ አባቴ፣ የሙሽራው እናትና ታላቅ ወንድሙ። ከጋዝጊብላ የመጣነው የመጋባት ሐሳባችንን ለማስታወቅ ነው። የመዝገቡ ሹም ከተቀበለችን ወሩ ሲሞላ እፈርማለሁ፤ ከዚያ እናቱ ቤት ገብቼ፣ ይምጣ አይምጣ የማላውቀውን ሰው እየጠበቅሁ እኖራለሁ። የድግሱ ቀን ተቆርጧል፤ ጌሾው ተወቅጧል።

ሙሽራውን አውቀዋለሁ፤ ትምህርት ቤት ሁለት ክፍል ይቀድመኝ ነበር። ከሄደ ወዲህ ግን ድምፁን ሰምቼ አላውቅም። እናቱ ናቸው ገበያ ላይ ባገኙኝ ቁጥር እጄን ይዘው፣ «ሰላም በይልኝ ብሏል፤ በርቺ ብሎሻል» የሚሉኝ። እኔ ሞኟ በዚያች ሰላምታ ስንት ሌሊት ብቻዬን ፈገግ ብያለሁ።

ሹሟ ከሌላ አካባቢ የተመደበች ወጣት ናት። «ተጋቢዎቹ የታሉ?» አለች።

ወንድምየው ኮራ ብሎ ውክልናውን አቀበላት። የቤት ቦታ እንዲያስጨርስለት የተላከለት ውክልና ነው። ያን ወረቀት ይዞ ያልገባበት ቢሮ ስላልነበር፣ ሚስትም የሚያስገባ መስሎታል። እውነቱን ለመናገር ለሁላችንም መስሎን ነበር።

ሹሟ እስከ ታች አነበበችው። «በዚህ ቤት ይሠራል፣ ቦታ ይሸጣል፤ ሚስት አይገባበትም። ጋብቻ በእንደራሴ አይፈጸምም። ሁለቱም ራሳቸው እዚህ ቆመው ፈቃዳቸውን ይሰጣሉ።»

«እንግዲያው በእኔ ስም ይጻፍና እሱ ሲመጣ ይዞርለታ!» አለ ወንድምየው።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። አባቴን አየሁት፤ አባቴ ጫማውን ያያል። 

«አግብተሃል?» አለችው ሹሟ።

«ሦስት ወልጃለሁ።»

«በጋብቻ ላይ ጋብቻ ወንጀል ነው፤ ዐቃቤ ሕግ ባመለከተ ቀን ፍርድ ቤት ያፈርሰዋል። በሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት ምስክር ታቀርባላችሁ፤ ሕግ የሚከለክለው ነገር የለም ብላችሁ እናንተም እነሱም ትምላላችሁ። ምን ብላችሁ ነው የምትምሉት?»

 አባቴ እንደ ምንም ድምፁን አወጣ። «ልጄ፣ ሌላ መንገድ የለውም?»

«ከባድ ምክንያት ካለ የሚመለከተው የፍትሕ አካል በልዩ ሁኔታ ሊፈቅድ ይችላል፣ አባቴ። ግን ልጁ ራሱ በሙሉ ፈቃዱ መስማማቱ መረጋገጥ አለበት።»

«እሱማ ቀላል ነው!» ወንድምየው ስልኩን አወጣ። «አሁኑኑ ከአፉ ትሰሚዋለሽ።»

«በስልክ የሚሰጥ ፈቃድ እኔ ዘንድ አይጸናም» አለች። እሱ ግን ደውሏል።

ያኔ ነው የእናቱን ፊት ያየሁት። አመድ መስሏል። «ተው፣ ሥራ ላይ ነው፤ ተው!» እያሉ ስልኩን ሊቀሙት እጃቸውን ዘረጉ። የፈራሁት ያን ጊዜ ነው። ምን እንደምፈራ ግን ገና አላወቅሁም።

ስልኩ ተነሣ። ወንድምየው ሁላችን እንድንሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረውና በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ ነገሩን አስረዳው።  ሙሽራው በዚያው በኽምጣኛ መለሰ። ያ ከትምህርት ቤት የማውቀው ድምፅ ጎርንኗል። ተናግሮ ሲያበቃ ስልኩ ተዘጋ።

ሹሟ ተራ በተራ አየችን። «ምን አለ? ቋንቋውን አልሰማም።»

አባቴ ወደ በሩ ያያል። ወንድምየው ስልኩን ኪሱ ይከታል። እናቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል። ለካ ወደ አማርኛ መመለሱ ለእኔ ነው የቀረው።

«አላገባም አለ» አልኳት። «ለእናቴ አልፈልግም ብያት ነበር አለ። ልጅቱንስ ጠይቃችኋታል ወይ አለ።»

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ በዚህ እስከ ዛሬ እኮራለሁ። ሹሟ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች። «ጠይቀውሻል?»

«የለም» አልኩ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። እኔም ብሆን የተጠየቅሁ ይመስለኝ የነበረው በዚያች ሰላምታ ነው።

ውክልናውን መለሰችልን፤ ወጣን። መናኸሪያ ደረስን። አባቴና ወንድምየው መኪና ሊጠይቁ ሲሄዱ እናቱ እንደ ገበያው ቀን እጄን ያዙ። ልመነጭቃቸው ፈልጌ ነበር።

«ሚስት አለችህ ስለው ይመጣል ብዬ ነው» አሉ። «ልጄ ቀረብኝ ብዬ ነው።»

«ሰላምታውስ?» አልኳቸው። «በርቺ ብሎሻል ያሉኝስ?»

ቀና ብለው ሊያዩኝ አልቻሉም። «እኔ ነኝ» አሉ። «ሰላም የምልሽ እኔው ነኝ። እኔንም ሰላም ብሎኝ አያውቅም።»