ኮማዎቹን ሁሉ አጠፋሁ

ዘመኑ ቁጥር አምላኪ ሆኗል ብዬ ደጋግሜ የጻፍኩ ሰው ነኝ። ታላቅ እህቴ አየር ጤና ካለው የመኪና መለዋወጫ ሱቋ ደውላ፣ ኮምፒውተሩ ዋጋዎቿን እንደ ቁጥር አልቆጥርም እንዳላት ስትነግረኝ ግን ከማንም ቀድሜ ደረስኩ። የምንንቀውን ነገር እናውቀዋለን ብለን ማመን የእኛ የጸሐፊዎች በሽታ ነው።

ዝርዝሩ የሁለት አቅራቢዎች ነበር፤ እህቴ አንድ ዓምድ ውስጥ ለጥፋቸዋለች። የዱባዩ $1,250.00 ብሎ ይጽፋል፤ ኮማው ሺህን ይለያል፣ ነጥቡ ሳንቲምን። የጣሊያኑ በተገላቢጦሽ €1.250,00 ይላል፤ ርካሹን ዕቃ ደግሞ €48,5 ብሎ ያሳጥረዋል። ኮምፒውተሩ ሁሉንም እንደ ጽሑፍ ቆጥሮ ወደ ግራ አስጠግቷቸዋል። እህቴ የፈለገችው ቀላል ነው፤ ከጎን ያለው ዓምድ እያንዳንዱን በዕለቱ ምንዛሪ አባዝቶ፣ ትርፏን ጨምሮ፣ በብር እንዲያወጣላት። ጽሑፍ ደግሞ አይባዛም።

መጀመሪያ የዩሮና የዶላር ምልክቱን ለይቼ ለብቻው ዓምድ ሰጠሁት። ይህ ብልህነት ነበር፤ ምልክቱን ዝም ብዬ ባጠፋው ኖሮ የቱ በየትኛው ገንዘብ እንደሆነ ይጠፋ ነበር። በዚህ ብልህነቴ ረክቼ ቀጣዩን ሳላስብ ሠራሁት፤ ኮማዎቹን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ አጠፋሁ። ቁጥሮቹ በአንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ተሰለፉ። እህቴ ከዝርዝሩ ጥቂቱን ከወረቀቱ ጋር ብናስተያየው አይሻልም ወይ አለችኝ። ኮምፒውተር አይሳሳትም፣ የሚሳሳት ሰው ነው አልኳት። ይህን ያለው የቁጥር አምልኮ ተቃዋሚው ነው።

በማግስቱ ስመጣ እህቴ ፊቷ ልክ አልነበረም። የረጅም ጊዜ ደንበኛዋ የሆኑ ሽማግሌ ባለጋራዥ የውሃ ፓምፕ ዋጋ ጠይቀዋት፣ ከስክሪኑ ያየችውን ነገረቻቸው፤ ሰውየው ሳይገዙ ወጡ። ምንዛሪው በየጊዜው ስለሚወጣ ነው ብላ ራሷን እንዳሳመነች ነገረችኝ።

ፓምፑን ፈልጌ አገኘሁት። 485 ዩሮ ይላል። አቅራቢው በኢሜይል የላከውን ከፈትኩ፤ እዚያ 48,5 ነው። ወደ ታች ስወርድ ሌላው ተገለጠ። ኮማ ሲጠፋ 1.250,00 ወደ 1.25000 ተለውጧል፣ ይህም አንድ ዩሮ ከሩብ ነው። አንድ ሙሉ ካምቢዮ፣ የመኪና ማርሽ ሳጥን ማለት ነው፣ በምሳ ዋጋ ተቀምጧል። ማንም አለመጠየቁ የእግዜር ሥራ ነው። የዶላሮቹ ብቻ ልክ ነበሩ፤ ትናንትም ዓይኔ ያረፈው በእነሱ ላይ ብቻ ነው።

እህቴ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ጋሼ ጋ ሄደህ ንገራቸው" አለችኝ። "እኔ ብሄድ ደንበኛ እንዳይሄድብኝ ዋጋ ለመቀነስ የመጣሁ ይመስላቸዋል።"

ጋራዡ ከመንገዱ ማዶ ነው። ሽማግሌው ከአንድ ሚኒባስ ሥር ወጥተው እጃቸውን እየጠረጉ አዳመጡኝ። ጣሊያኖች ሳንቲምን በኮማ እንደሚለዩ፣ እኔ ደግሞ ኮማውን እንደሰረዝኩ አስረዳሁ። ስናገር ለራሴም የሌባ ማመካኛ መሰለኝ።

"ኮማ ነው እንግዲህ" አሉ።

"አዎ ጋሼ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሷ የለችበትም።"

"እሱን አውቃለሁ። ዋጋውን ስታነበው ደንግጣ ነበር፣ አይቻታለሁ። ልጄ፣ ይሄ ነገር ልክ ነው ወይ ስላት፣ ወንድሜ ነው የሠራው፣ የተማረ ነው አለችኝ።" ጨርቁን ወደ ኪሳቸው ከተቱት። "ሃያ ዓመት ዋጋ በቃሏ ስትነግረኝ ኖራለች። ያን ቀን የገዛ ጭንቅላቷን ትታ አንተን አመነች። ፓምፑን ከጎረቤቷ ገዝቼዋለሁ፣ ለዚያ አትጨነቅ።"

ለቃላት እጥረት የማልታማ ሰው፣ "እሺ" ብቻ ብዬ ተመለስኩ።

ሱቁ ውስጥ የአቅራቢውን ዝርዝር እንደ አዲስ ከፈትን። በዩሮዎቹ መጀመሪያ ነጥቡን አጠፋሁ፣ ከዚያ ኮማውን ወደ ነጥብ ቀየርኩ፤ በዶላሮቹ ኮማውን ብቻ። ጥቂት ዩሮዎች ግን በእጅ የተጻፉና ኮማ የሌላቸው፣ ነጥብ ብቻ ያላቸው ነበሩ፤ እነሱን አስቀድሜ ለይቼ አስቀመጥኩ፤ ከመጨረሻው ምልክት በኋላ አንድ ወይም ሁለት አኃዝ ካለ ሳንቲም ነው፣ ሦስት ካለ ግን ሺህም ሊሆን ስለሚችል ከአቅራቢው ደረሰኝ ጋር ይታያል።

እህቴ ምን አሉ አለችኝ። ፓምፑን ገዝተዋል አልኳት፤ ስለ እሷ ያሉትን አልነገርኳትም። የአቅራቢውን ወረቀት አትማ ያዘችና ዋጋዎቹን ከስክሪኑ አንድ በአንድ ጮክ ብዬ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። አነበብኩ። እያንዳንዱን በጣቷ ፈልጋ አይታ፣ ከዚያ ብቻ "ቀጥል" ትለኛለች። እኔም እንደ ልጅ ጠብቄ እቀጥላለሁ።