እቴቴ የቆረጠችው ይቅርታ

ታላቅ እህቴ እቴቴ እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ የአንድ የሕንፃ ተቋራጭ ጸሐፊ ነበረች። እኔ እዚያው ንብረት ክፍል ስለምሠራ ምሳችንን አብረን ነበር የምንበላው።

አንድ ቀን ምሳ ስንበላ ገና የተቀጠረችው መሐንዲስ ስልኳን ይዛ ገባች። በማግስቱ የአንደኛ ፎቅ ወለል፣ ሶሌታው፣ አርማታ ሊሞላ ነው። ቅርጹን ከስር የተሸከሙትን የእንጨት ድጋፎች ስታይ አላማሯትም። ሙሌቱን ማስቆም የሚችለው ሥራ አስኪያጁ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ሌላ ከተማ ስብሰባ ላይ ነው። ስልክ አያነሳም፤ መልእክት ግን በመሀል ገረፍ አድርጎ ያያል።

«እቴቴ፣ ከመላኬ በፊት እዪልኝ።»

እቴቴ ጮክ ብላ አነበበችው። «ስላስቸገርኩዎ በጣም ይቅርታ። ምናልባት ተሳስቼ ሊሆን ይችላል፤ እንደ እርስዎ ልምድ የለኝም፤ ግን ድጋፎቹ ትንሽ ያዘነበሉ መሰለኝ። ካልከበደዎ ቢያዩት ደስ ይለኝ ነበር። ለድፍረቴ በድጋሚ ይቅርታ።»

«አንቺ ልጅ፣ ምን አጥፍተሽ ነው?»

«ምንም።»

«መሰለሽ ወይስ አየሽ?»

«አየሁ። ቱምቢ ጥዬ ቀጥ ማለታቸውን ለካሁ።»

«ታዲያ እንዲያደርግ የምትፈልጊው ምንድን ነው?»

ልጅቷ፣ «እንዲያስቆመው» አለች።

«እሱን ከላይ አድርጊው።»

ይቅርታው ሁሉ ወጣ። «ምናልባት»ም ወጣ። ልጅቷ ድጋፎቹ ለምን እንዳዘነበሉ በጨመረችው መስመር ላይ ያለውን «ይመስለኛል»ም ልትሰርዝ ስትል እቴቴ እጇን ያዘቻት። «የመዝመሙን ምክንያት ታውቂዋለሽ?» «አላረጋገጥኩም።» «እንግዲያው እሱ ይቆይ። የማታውቂውን አላውቅም ማለት ፍርሃት አይደለም።»

መልእክቱ እንዲህ ሆነ፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የነገው የአርማታ ሙሌት እንዲቆም እጠይቃለሁ። በምሥራቅ በኩል ያሉት ድጋፎች አዘንብለዋል፤ በቱምቢ ለክቻለሁ፤ ፎቶ አያይዣለሁ። ምክንያቱ በዝናብ የራሰው መሬት ይመስለኛል፤ ገና አላረጋገጥኩም። ውሳኔዎን ዛሬ እጠብቃለሁ። አመሰግናለሁ።»

«ብልግና አይመስልም?»

«ጤና ይስጥልኝ ብለሻል፤ እርስዎ ብለሻል፤ አመስግነሻል። ከዚህ በላይ እጅ ልትነሺው ነው?»

ላከችው። ምሳችንን ሳንጨርስ መልሱ መጣ፦ «አቁሙ። ጠዋት እመጣለሁ።»

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ከድጋፎቹ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ጭቃውን በጣቱ ነካ። ከድጋፎቹ እግር ስር የተነጠፈው ጣውላ ሰምጦ አይታይም ነበር። ቀስ ብሎ ተነሳ። «ማንም ከስር እንዳይገባ» አለ፤ ድምፁ እንደ ወትሮው አልነበረም።

ልጅቷ ሰማይ የሚያህለውን ባዶ የሶሌታ ቅርጽ አንጋጣ ታያለች። እቴቴም ከቢሮ ወጥታ ከጎኗ ቆመች። ሙሌቱ ቢጀመር ኖሮ በዚያች ሰዓት ከስር ሆነው ድጋፍ የሚጠብቁት አናጺዎች፣ ሥራ የለም ተብለው፣ እየተቀላለዱ በአጠገባችን አለፉ። እቴቴ የመጨረሻው ሰው በሩን እስኪወጣ ድረስ በዓይኗ ሸኘቻቸው።